የቀጠሮ ለውጥ በኢሜይል ርእሰ ጉዳይ፦ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር፣ የስልክ ስክሪንና የደጋን ሥልጠና ምሳሌ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የስብሰባ፣ የሥልጠናና የመስክ ሥራ ቀጠሮ መለወጡን የሚያሳውቁ የአማርኛ ኢሜይሎች ርእሰ ጉዳያቸው እንዴት ቢጻፍ ለውጡ ሳይከፈቱ እንደሚታወቅ ይመረምራል። ትኩረቱ ሦስት ነገሮች ላይ ነው፤ እነሱም የአማርኛ ግሥ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ መምጣቱ፣ የኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት አቆጣጠር፣ እንዲሁም የኢሜይል ሥርዐት የግእዝን ፊደል የሚያጓጉዝበት መንገድ ናቸው። ትንተናው የተገነባው በደጋን ከተማ ይካሄዳል ተብሎ በታሰበ፣ ለማስረጃነት በተቀናበረ አንድ የመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና ላይ ነው።

«ጉዳዩ» ከወረቀት ወደ ስክሪን

በአገራችን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሥርዐት ከአድራሻው ቀጥሎ፣ በገጹ መካከል፣ ከሥሩ ተሰምሮበት የሚጻፍ አንድ መስመር አለ። «ጉዳዩ፦» ብሎ ይጀምርና ብዙ ጊዜ «ስለማሳወቅ ይሆናል»፣ «ስለመጠየቅ» ወይም «ይመለከታል» ብሎ ያበቃል። ይህ መስመር የተፈጠረለት ሥራ ነበረው። ደብዳቤው ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ መዝጋቢው የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የላከውን ክፍልና ጉዳዩን በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ደብዳቤው የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚታሰርም በዚሁ ይወስናል። ስለዚህ ጉዳዩ የደብዳቤውን ዓይነት እንጂ ይዘቱን እንዲናገር አይጠበቅበትም ነበር። ተቀባዩ ወረቀቱን በእጁ ሲይዝ ጉዳዩንም ዝርዝሩንም በአንድ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ያያልና።

ኢሜይል ይህን አንድነት ለሁለት ከፍሎታል። ርእሰ ጉዳዩ በዝርዝር ውስጥ፣ ከላኪው ስም ጎን ወይም ሥር፣ ለብቻው ይታያል፤ ዝርዝሩ ደግሞ ከንክኪ በኋላ ነው የሚመጣው። ጸሐፊው ግን በአብዛኛው የወረቀቱን ልማድ ይዞ ይቀጥላል። «ጉዳዩ፦ የሥልጠና ቀን ለውጥን ስለማሳወቅ ይሆናል» የሚለው መስመር ክፍተቶቹንና ነጥቦቹን ጨምሮ 30 ምልክት አለው። ሠላሳ ምልክት ደግሞ፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ስልክ በቁመቱ ሲያዝ በመልእክት ዝርዝር ውስጥ ከሚታየው ስፋት ጋር የሚቀራረብ ነው። ይኸ ሁሉ ቦታ ተይዞ የተነገረው ለውጥ መኖሩ ብቻ ነው። ከየትኛው ቀን ወደ የትኛው ቀን፣ የየትኛው ሥልጠና የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ አልተመለሱም። መስመሩ ለመዝገብ ቤቱ ትክክል ነው፤ ነገ ጠዋት መንገድ ለሚነሣ ሰው ግን ባዶ ነው።

ግሡ መጨረሻ፣ ቆረጣውም መጨረሻ

ይህን የተገነዘበ ጸሐፊ ከደብዳቤ ቀመር ወጥቶ ለውጡን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። እዚህ ላይ ግን የመጀመሪያውን የሚያስከነዳ ችግር ይገጥመዋል። ምክንያቱ የቋንቋው የራሱ ሥነ ሥርዐት ነው።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የኢሜይል ፕሮግራሞችም ርእሰ ጉዳይ ሲረዝምባቸው የሚቆርጡት ከመጨረሻው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚጠፋው ራሱ ዜናው ይሆናል። የሚከተለው ርእሰ ጉዳይ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤

«ሰኞ ኅዳር 8 ሊካሄድ የነበረው የደጋን ሥልጠና ወደ ረቡዕ ኅዳር 10 ተዛወረ»

መስመሩ 48 ምልክት ነው። ከሠላሳኛው ላይ ሲቆረጥ የሚቀረው «ሰኞ ኅዳር 8 ሊካሄድ የነበረው የደጋን ሥልጠና…» የሚለው ነው። አንባቢው በስክሪኑ ላይ ያየው ብቸኛ ቀን የተሰረዘው ቀን ነው። «የነበረው» የሚለው ቃል ለውጥ እንዳለ ፍንጭ ይሰጣል ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን በእግሩ እየሄደ ስልኩን ገረፍ አድርጎ የሚያይ ሰው የሚይዘው ቀንና ቁጥር ነው። ከ«ጉዳዩ፦» ቀመር ይልቅ ይህኛው የከፋ ነው ለማለት የሚያስደፍረውም ይህ ነው። ያኛው ምንም አይናገርም፤ ይኸኛው የቆየውን መረጃ እንደገና ያጸናል።

ሠላሳ ምልክት የሚለው መለኪያ ሕግ አይደለም። በስልኩ ስፋት፣ በፊደሉ መጠን፣ በፕሮግራሙ አቀማመጥ ይለያያል፤ የግእዝ ፊደላትም ከብዙዎቹ የላቲን ትንንሽ ፊደላት ሰፋ ስለሚሉ ለእንግሊዝኛ የተሰጠ ግምት ለአማርኛ አይሠራም። ጸሐፊው ለራሱ አንድ መልእክት ልኮ በስልኩ ላይ እስከ ስንተኛው ፊደል እንደሚታይ ቢቆጥር ከማንኛውም ግምት የተሻለ መልስ ያገኛል። በዚህ ጽሑፍ 30 የተወሰደው ለሥራ እንዲያመች ነው።

መፍትሔው የዐረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ ወደ ፊት ወጥቶ «ማሳሰቢያ፦» ወይም «ማስታወቂያ፦» እንደሚባለው በነጥብ የሚታሰር መለያ ይሆናል፤ ከእሱ ቀጥሎ አዲሱ ቀን፣ ከዚያ በቅንፍ አሮጌው፣ በመጨረሻም የጉዳዩ ስም ይከተላሉ፤

«ተዛወረ፦ ረቡዕ ኅዳር 10 (ከሰኞ 8) – የደጋን ሥልጠና»

ይህ 36 ምልክት ነው። ከሠላሳኛው ላይ ቢቆረጥ «ተዛወረ፦ ረቡዕ ኅዳር 10 (ከሰኞ 8) – የደጋ…» ይቀራል። ምን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ሆነ፣ ከመቼ እንደ ተነሣ ሁሉም አለ፤ የጎደለው የሥልጠናው ስም ጅራት ነው፤ እሱንም ተቀባዩ ከላኪው ስምና ከራሱ ቀጠሮ ያሟላዋል። ግሥን ማስቀደም ለጆሮ እንግዳ መምሰሉ አይካድም። ይሁን እንጂ ርእሰ ጉዳይ የሚነበብ ዐረፍተ ነገር ከመሆን ይልቅ እንደ በር ላይ ጽሑፍ የሚታይ ነገር ስለ ሆነ፣ ይህ እንግድነት የሚያስከፍለው ዋጋ ጥቂት ነው።

የመለያው ቃል ምርጫ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በተለምዶ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ተራዘመ» ሁለት ፍች አለው። «ስብሰባው ተራዘመ» ሲባል ወደ ሌላ ቀን ተገፋ ማለት ነው፤ «የምዝገባው ጊዜ ተራዘመ» ሲባል ደግሞ ማብቂያው ተገፋ እንጂ መጀመሪያው አልተነካም። «ሥልጠናው ተራዘመ» የሚል ርእስ የደረሰው ሰልጣኝ ቀኑ ተለወጠ ወይስ የሁለት ቀኑ ሥልጠና ሦስት ቀን ሆነ የሚለውን ሊለይ አይችልም። «ተላለፈ»ም እንዲሁ ነው፤ ቀጠሮም ይተላለፋል፣ ውሳኔም ይተላለፋል፣ መልእክትም ይተላለፋል። «ተዛወረ» ከ«ከ» እና ከአዲሱ ቀን ጋር ሲሆን አሻሚነቱ ይጠፋል። ከእሱ ጎን «ተሰረዘ፦»፣ «ሰዓት ተቀየረ፦» እና «ቦታ ተቀየረ፦» ቢጨመሩ ለአንድ የምርምር ቡድን ይበቃሉ። «አስቸኳይ» የሚለው ቃል ግን ከዚህ ዝርዝር ውጪ ቢሆን ይመረጣል፤ ስለ ለውጡ ምንም ሳይናገር ስድስት የሚያህል ቦታ ይወስዳል፣ በተደጋገመ ቁጥርም የሚያምነው ይቀንሳል።

የደጋን ሥልጠና

ምሳሌው የሚከተለውን ይመስላል። አንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት የመረጃ ሰብሳቢዎቹን ለግማሽ ቀን በደጋን ከተማ ሊያሠለጥን ነው። ዋናው አማካሪ ደሴ፣ ተባባሪ አማካሪው ኮምቦልቻ ናቸው፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከደጋንና ከኮምቦልቻ የሚመጡ ናቸው፤ የጥናቱን መጠይቅ ያዘጋጀች ተባባሪ ተመራማሪ ደግሞ ስዊድን ሆና በቪዲዮ ትገባለች። የመጀመሪያው ጥሪ ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 3:00 ይላል።

ጥሪው በተላከ ማግሥት፣ ዓርብ ኅዳር 5፣ አንደኛው መረጃ ሰብሳቢ አንድ ነገር ያስታውሳል። ደጋን የምትገኘው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ የባቲ ታላቅ ገበያ የሚውለው ደግሞ ሰኞ ነው። ከደጋው የሚወርደው ነጋዴና ከአፋር በኩል የሚመጣው ግመለኛ በሚገናኙበት በዚያ ቀን ከኮምቦልቻ ወደዚያ አቅጣጫ ወንበር ማግኘት ቀላል አይሆንም። ሥልጠናው ወደ ረቡዕ ኅዳር 10 ይዛወራል፤ ሰዓቱና ቦታው እንደነበሩ ይቆያሉ።

በርእሰ ጉዳዩ ላይ ሰዓቱና ቦታው ያልተጻፉት ስላልተለወጡ ነው። ይህ ቁጠባ ለመስመሩ ጠቃሚ ቢሆንም በአንባቢው ላይ አንድ ጥርጣሬ ይጥላል፤ «ሰዓቱስ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የመልእክቱ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ሰላምታም ምክንያትም ሳይሆን «ሰዓቱ (ከጠዋቱ 3:00) እና ቦታው አልተለወጡም» የሚል ሊሆን ይገባል። ብዙ ፕሮግራሞች ከርእሰ ጉዳዩ ሥር የመልእክቱን የመጀመሪያ ቃላት በደብዛዛ ቀለም ያሳያሉ። «እንደምን ሰነበታችሁ፣ ሁላችሁም በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ» የሚለው ሰላምታ ክብሩን እንደጠበቀ ከሁለተኛው መስመር ቢጀምር፣ ያ ደብዛዛ ስፍራ ለሥራ ይውላል።

ማክሰኞ ኅዳር 9 ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ለውጥ ይመጣል እንበል፤ ረቡዕ ጠዋት 3:00 የነበረው 4:00 ይሆናል። አሁን ለውጡ ለነገ ስለ ሆነ የወሩ ቀን ሊቀር ይችላል፤

«ሰዓት ተቀየረ፦ ረቡዕ ጠዋት 4:00 (ከ3:00) – የደጋን ሥልጠና»

ከመጀመሪያው ፊደል እስከ ቅንፉ መዝጊያ በትክክል 30 ምልክት ነው። እዚህ ላይ በቅንፍ ውስጥ የትኛው አሮጌ መረጃ ይግባ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተቀባዩ በመጨረሻ እንዲያውቀው የተደረገው ነው መልሱ፤ የመጀመሪያው ጥሪ አይደለም። «ከሰኞ» የሚል ተመልሶ ቢጻፍ የዓርቡን መልእክት ያነበበ ሰው ቀኑ እንደገና የተለወጠ ይመስለዋል። የዓርቡን ላላነበበው ሰው ሲባል ደግሞ በመስመሩ ጅራት «2ኛ ለውጥ» ማለት ይበቃል፤ ያንን ያየ ሰው አንደኛውን ፈልጎ ያነባል።

የቦታ ለውጥም በዚሁ ይሄዳል፤ ለምሳሌ «ቦታ ተቀየረ፦ ኮምቦልቻ (ከደሴ)»። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ስላለው «በግቢው አዳራሽ» የሚል መግለጫ ለአንዱ ደሴን፣ ለሌላው ኮምቦልቻን ያስታውሳል። የከተማው ስም ከአዳራሹ ቁጥር ይቀድማል።

ሁለት አቆጣጠር የሚጋሩት አንድ ነገር

በኅዳር 10 ላይ ያለው አደጋ የተሰወረ ነው። በአማርኛ ልማድ ኖቬምበርን ኅዳር ብሎ መተርጎም የተለመደ ስለ ሆነ፣ በውጭ ያለችው ተመራማሪ ኅዳር 10ን ኖቬምበር 10 ብላ ብትይዘው የሚያስደንቅ አይሆንም። ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ግን ኅዳር 1 ቀን 2018 ነው። ኅዳር 10 የሚውለው ኖቬምበር 19 ነው። የዘጠኝ ቀን ልዩነት ነው፤ እሱም አንድን ሰው ከሥልጠናው በፊት እንጂ በኋላ ስለማያመጣ ስሕተቱ የሚታወቀው ቪዲዮው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው። ቁጥር ብቻ ሲሆን የባሰ ነው፤ 10/3/2018 ለአንዱ ኅዳር 10 ነው፣ ለሌላው ያለፈ ዘመን የማርች ወይም የኦክቶበር ቀን።

ሁለቱ አቆጣጠሮች በወርም በዓመትም ቢለያዩ የሳምንቱን ቀን ግን ይጋራሉ። ረቡዕ በደጋንም በስቶክሆልምም ረቡዕ ነው። የሳምንቱ ቀን ከወሩ ቀን ቀድሞ የሚጻፍበት ምክንያት ከዚህ ይነሣል፤ ቁጥሩን የሚያረጋግጥ ምስክር ነው። «ረቡዕ ኅዳር 10»ን እንደ ኖቬምበር 10 የያዘች ሴት ኖቬምበር 10 ሰኞ ሆኖ ስታገኘው ትጠይቃለች። የሳምንቱ ቀን ባይኖር የምትጠይቅበት ምክንያት አልነበራትም።

የሰዓቱ ጉዳይ እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። በኛ አቆጣጠር ጠዋት 3:00 የሚባለው በሌላው ዓለም 9:00 ነው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነቱ «3:00» ብቻ የተጻፈን ቀጠሮ ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ ያደርገዋል። ሁለቱም ለስብሰባ የሚመቹ ሰዓቶች መሆናቸው ነው ክፋቱ፤ ስሕተቱ ያስገኘው ሰዓት እኩለ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ራሱን ባጋለጠ ነበር። ዜሮ ጨምሮ «09:00» ብሎ መጻፍም ብቻውን አይፈውሰውም፤ በኛ 9 ሰዓት ብሎ የሚያነበው ሰው ከሰዓት በኋላ ይመጣልና። የሚያድነው «ጠዋት» የሚለው ቃል ነው። ተቀባዮቹ ሁሉም አገር ውስጥ ካሉ «ጠዋት 3:00» በቂ ነው። ከተቀባዮቹ አንዱ ውጭ ከሆነ ለእሱ የተለየ መልእክት መላክ፣ ወይም በመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ `09:00 UTC+3` ብሎ መጨመር ይሻላል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትቀያይርም፤ ስዊድን ግን ትቀያይራለች። በኅዳር ያለው ልዩነት ሁለት ሰዓት ሲሆን በሰኔ አንድ ነው። ስለዚህ ባለፈው ሰኔ የተጻፈን መልእክት ቀድቶ ሰዓቱን መላክ አይገባም።

የምላሽ ሰንሰለት

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚፈርስበት አንድ ልማድ አለ፤ የቀደመውን ጥሪ ከፍቶ «መልስ» የሚለውን በመጫን ለውጡን መጻፍ። አድራሻዎቹ ሁሉ ተዘጋጅተው ስለሚገኙ ምቹ ነው። ነገር ግን አዲሱ መልእክት `Re:` ተጨምሮበት የአሮጌውን ርእሰ ጉዳይ ይወርሳል። ውስጡ ረቡዕ እያለ ግንባሩ «ሰኞ ኅዳር 8» ይላል። ለመክፈት ጊዜ ያጣ ተቀባይ ስለ ሰኞው ሌሎች የሚለዋወጡትን ሐሳብ ያየ ይመስለዋል፤ ሦስት ሰዎች «እሺ» ብለው ሲመልሱ ደግሞ የተሳሳተው ቀን ሦስት ጊዜ ከላይ ይወጣል።

መልስ ከመላክ በፊት ርእሰ ጉዳዩን መቀየር መድኃኒቱ ነው፤ መዘዙንም ማወቅ ያስፈልጋል። ጂሜይል ርእሰ ጉዳዩ ሲለወጥ መልእክቱን ከቀድሞው ሰንሰለት ነጥሎ አዲስ ያደርገዋል። ለለውጥ ማስታወቂያ ይህ መለየት የሚፈለግ ነው፤ ከዝርዝሩ ራስ ላይ በአዲስ ፊት ይቀመጣልና። ነገር ግን አሮጌው ጥሪ ሳይጠፋ፣ «ሰኞ» እያለ ከበታች ይኖራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በመስመሩ መጨረሻ ያለው የጉዳዩ ስም ብቻ ነው፤ ስለዚህም ያ ስም ከመልእክት ወደ መልእክት ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። በዩኒኮድ «ሥ» እና «ስ» ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። አንዱ መልእክት «ሥልጠና»፣ ሌላው «ስልጠና» ካለ ፊደልን በመልኩ ብቻ የሚያነጻጽር ፍለጋ አንዱን አግኝቶ ሌላውን ይተወዋል። «ኅዳር»፣ «ህዳር» እና «ሕዳር»ም እንዲሁ ናቸው። የትኛው ትክክል ነው የሚለው የሰዋስው ክርክር እዚህ አይነሣም፤ ቡድኑ አንዱን መርጦ ይጽና።

ጥሪው ከቀን መቁጠሪያ ፋይል ጋር የተላከ ከሆነ ይህ ጥንድነት በፋይሉ ውስጥ አስቀድሞ ተበጅቷል፤

```
UID:degan-01@example.org
SEQUENCE:1
DTSTART;TZID=Africa/Addis_Ababa:20251119T090000
SUMMARY:የደጋን ሥልጠና
```

`UID` ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ መጨረሻው ለውጥ አይነካም፤ `SEQUENCE` በየለውጡ በአንድ ያድጋል፤ ተቀባዩ ፕሮግራም የቱ አዲስ እንደ ሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው። ከላይ የተጠቀሱት የማይለወጥ ስምና «2ኛ ለውጥ» የሚለው ቁጥር የእነዚህ የሁለቱ የሰው ቋንቋ ናቸው። ፕሮግራሞቹ በራሳቸው የሚጽፉት ርእሰ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ አይረዳም። ጎግል ካሌንደር ጥሪው መሻሻሉን የሚገልጽ ቃል፣ ቀጥሎ የጉዳዩን ስም፣ ከዚያ አዲሱን ቀን ይደረድራል፤ ስሙ ረጅም ከሆነ ቀኑ ከስክሪን ውጪ ይቀራል፤ አሮጌው ቀንም በመስመሩ ላይ አይገኝም። ስሙን ማሳጠር በጸሐፊው እጅ ስለ ሆነ፣ «የደጋን ሥልጠና» የሚለው «በካሉ ወረዳ በደጋን ከተማ ለመረጃ ሰብሳቢዎች የሚሰጥ የግማሽ ቀን ሥልጠና» ከሚለው ይመረጣል።

በፊደል ላይ የሚደርሰው

የኢሜይል ራስጌ ሲፈጠር የታሰበው ለላቲን ፊደላት ብቻ ነበር። አማርኛ በርእሰ ጉዳይ ላይ እንዲጻፍ ያስቻለው በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው አር ኤፍ ሲ 2047 የተባለ ደንብ ነው፤ በዚህ ደንብ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ላቲን ምልክቶች ተለውጦ ይጓዝና ከተቀባዩ ዘንድ ይፈታል። «ረቡዕ» በመንገድ ላይ ይህን ይመስላል፤

```
=?UTF-8?B?4Yio4Ymh4YuV?=
```

በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ ሦስት ባይት ደግሞ በዚህ አጻጻፍ አራት ምልክት ይሆናል። ሦስቱም ፊደላት በ`4Y` እንደሚጀምሩ ልብ ይሏል። የመደበኛው የግእዝ ፊደላት ሰንጠረዥ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ባለ አንድ ባይቱ ክፍተት መሐል ሲገባ ሰልፉ ይናጋል። ስለዚህ በ`4Y` የተሞላ የማይነበብ ርእሰ ጉዳይ የደረሰው ሰው ያልተፈታ አማርኛ መሆኑን በዓይኑ ሊያውቅ ይችላል፤ ቫይረስ ነው ብሎ ከማጥፋቱ በፊት ላኪውን ይጠይቅ።

ደንቡ አንዱ የተለወጠ ክፍል ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ያዛል። ከዚህ ውስጥ 12ቱ ለመክፈቻና ለመዝጊያ ይውላሉ፤ በቀሪው 63 ውስጥ አራት አራት እያሉ የሚገቡት 15 ፊደላት ናቸው። የረቡዕን ለውጥ የሚያሳውቀው ባለ 36 ምልክቱ መስመር 82 ባይት ስለ ሆነ በሁለት ክፍል ይጓዛል። ረጅሙ ዐረፍተ ነገር ደግሞ በሦስት። ሁለት ነገሮች የሚበላሹት በእነዚህ መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ደንቡን ያላከበረ ፕሮግራም አንዱን ፊደል ከመሐሉ ሰንጥቆ ግማሹን በአንደኛው፣ ግማሹን በሁለተኛው ክፍል ይልካል፤ ተቀባዩ በዚያ ቦታ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ያያል። ወይም በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት በደንቡ መሠረት ሲፈታ ስለሚጠፋ፣ ክፍተቱን ከክፍሉ ውስጥ ያላስገባ ፕሮግራም ሁለት ቃላትን ያጣብቃል። የተሰነጠቀው ፊደል ቀኑን ከሚናገረው ቃል ላይ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። በታመነ ዘመናዊ ፕሮግራም ይህ አይታይም፤ የሚያጋጥመው በጅምላ መልእክት በሚልኩ፣ በቤት ውስጥ በተሠሩ ሥርዐቶች ላይ ነው። አጭር መስመር መጋጠሚያ ስለሚቀንስ አደጋውም ይቀንሳል።

መከፈትና መድረስ

የቀጠሮ ኢሜይል ስኬት ስንት ሰው ከፈተው በሚል መለካቱ አሳሳች ነው። መከፈትን የሚቆጥሩ መሣሪያዎች በመልእክቱ ውስጥ የማትታይ ምስል ያስቀምጡና ምስሏ ስትጠራ «ተከፈተ» ይላሉ። አፕል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የግላዊነት ጥበቃ ለመረጡ ተጠቃሚዎቹ ምስሎችን አስቀድሞ ስለሚያወርድ ያልተከፈተው የተከፈተ ሆኖ ይቆጠራል፤ ምስል የዘጋ ተቀባይ በተቃራኒው ከፍቶም አይቆጠርም። ከዚህም በላይ፣ ለውጡን በርእሰ ጉዳዩ ላይ በሙሉ ያስቀመጠ መልእክት ሳይከፈት ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ያልከፈተው መረጃ ሰብሳቢ ረቡዕ በሰዓቱ ከተገኘ የጎደለ ነገር የለም።

ላኪው ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ከሆነ ግን መክፈትን የሚጠይቅ ምክንያት መስጠት አለበት። ያ ምክንያት በመስመሩ ጅራት «መልስ እስከ ቅዳሜ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ከተቆረጠም ለውጡ አልተነካም። ለውጡን ደብቆ «ጠቃሚ መረጃ፣ እባክዎ ይክፈቱ» ማለት መከፈትን ሊጨምር ይችል ይሆናል፤ ኢንተርኔት ተቋርጦ ርእሰ ጉዳዩ ብቻ የደረሰውን ሰው ግን በሰኞ መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ኢሜይል ጨርሶ የማይደርሳቸው ተቀባዮች ቢኖሩ ያው መስመር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይሄዳል። በግእዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት 70 ምልክት ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይላካል፣ እያንዳንዱ ክፍልም 67 ብቻ ይይዛል። «ተዛወረ፦ ረቡዕ ኅዳር 10 (ከሰኞ 8) – የደጋን ሥልጠና። ጠዋት 3:00፣ ቦታው እንደነበረ» የሚለው 58 ነው። የቀሩት 12 ምልክቶች ለላኪው ስም ይበቃሉ፤ ቁጥሩን በስልካቸው ላልመዘገቡ መረጃ ሰብሳቢዎች ደግሞ ስሙ ከሌለ መልእክቱ ከማን እንደ መጣ አይታወቅም።